በደንበኛ ስም በር ማንኳኳት

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። በሥራችን እንደተደሰቱ እምነታችን ነው። አገልግሎታችንን የሚፈልግ የሚያውቁት ሰው ወይም ድርጅት ካለ ቢያገናኙን ምስጋናችን የላቀ ነው።»

ይህን የመሰለ ኢሜይል ያልደረሰው የቢሮ ሰው ጥቂት ነው። ተቀባዩ ክፉ ሰው አይደለም፤ በተሠራለት ሥራም የእውነት ተደስቷል። አንብቦ «እሺ፣ አስብበታለሁ» ይላል። ወዲያው ስብሰባ ይጠራል፣ ስልክ ይጮኻል፣ ሌላ ኢሜይል ይገባል፤ ያኛውም ወደ ታች እየወረደ ወርዶ ከዓይን ይጠፋል። ላኪው ደግሞ በሌላኛው ጫፍ ሆኖ «ለካ ሥራዬን አልወደዱትም» ብሎ ይቆዝማል።

ችግሩ ያለው «የሚያውቁት ሰው ካለ» በሚለው ሐረግ ውስጥ ነው። የአንድ ክሊኒክ አስተዳዳሪ ስልክ ውስጥ በመቶ የሚቆጠር ስም አለ። ከዚያ ውስጥ ማን ምን እንደሚፈልግ ማሰብ፣ አንዱን መምረጥ፣ ምን ብሎ እንደሚያስተዋውቅ ቃላት መፈለግ፣ ከዚያም ቁጭ ብሎ መጻፍ የሙሉ ሥራ ያህል ነው። ጠያቂው በትሕትና የለመነ መስሎት ከባዱን ሸክም በሙሉ ለደንበኛው አስረክቦታል።

ለማያውቀው ሰው መልእክት በሰው በሰው ማድረስ ምን ያህል እንደሚንጠባጠብ ከቆዩ ጥናቶች በአንዱ በቁጥር ታይቷል። አሜሪካውያኑ ጄፍሪ ትራቨርስና ስታንሊ ሚልግራም በ1969 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ነብራስካና ቦስተን ለሚኖሩ 296 ሰዎች አንድ ሰነድ ሰጡ። ሰነዱ ቦስተን ለሚሠራ አንድ የአክሲዮን ደላላ መድረስ ነበረበት፤ ስሙ፣ ሥራውና አድራሻው ተነግሯቸዋል። በቀጥታ መላክ ግን የሚችለው ሰውየውን በግል የሚያውቀው ብቻ ነው፤ ያልሆነለት ወደ ደላላው ይቀርባል ለሚለው ወዳጁ ያሳልፋል። ከ296ቱ የመጀመሪያውን እርምጃ የወሰዱት 217 ናቸው። ደላላው እጅ የደረሰው ደግሞ 64 ብቻ። ቀሪው በየመንገዱ በየሰዉ ጠረጴዛ ላይ ቀረ።

ከ64ቱ 16ቱ ያለፉት በአንድ ሰው በኩል ነበር፤ ደላላው በሚኖርበት ከተማ ልብስ በሚነግድ ሰው። ብዙ ሰው ከማስቸገር ይልቅ ትክክለኛ ቦታ ላይ የተቀመጠውን አንዱን ማግኘት ምን ያህል እንደሚያዋጣ ከዚህ ይታያል።

የእኛ ታሪክም ስለ ልብስ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የደንብ ልብስ የምትሰፋ አንዲት ባለሙያ ትታሰብ። ሴትዮዋ ለምሳሌ የተፈጠረች ናት፤ የገጠማት ነገር ግን ማንም አነስተኛ ሥራ ያለው የሚያውቀው ነው። አምስት መኪና፣ ስድስት ሠራተኛ አላት። ለአንድ የግል ክሊኒክ 62 ሠራተኞች ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት፣ በድምሩ 124 ጋውን ሰፍታ አስረክባለች። በ21 ቀን ልታደርስ ተስማምታ በ19ኛው ቀን አድርሳለች። ሦስቱ ኪሳቸው ተተርትሮ ተመልሰው ነበር፤ በሁለት ቀን ሰፍታ ልካለች። የክሊኒኩ አስተዳዳሪ አንድ ከፍ ያለ የግል ሆስፒታል የሚመሩ ዶክተር እንደሚያውቁ በጨዋታ መሐል ሰምታለች። ልብሷ እዚያ ሆስፒታል ቢገባ ለስድስት ወር ሥራ ይሆናታል።

እንግዲህ ምን ትጻፍ?

ከመጻፏ በፊት የምትለምነውን ነገር ማወቅ አለባት። በአማርኛ «ሰው አለኝ» ሲባል ብዙ ጊዜ ወረፋ መዝለል ይታሰባል። እዚህ የተፈለገው ያ አይደለም። የተፈለገው ሆስፒታሉን የሚመሩት ዶክተር ሥራዋን እንዲያዩ አሥር ደቂቃ እንዲሰጧት ነው፤ መግዛት አለመግዛቱ የእሳቸው ጉዳይ ነው። ያም ሆኖ አስተዋዋቂ በእኛ አገር ከዋስ ብዙ አይርቅም። ጋውኑ በሁለተኛው እጥበት ቢለቅ ዶክተሩ የሚደውሉት ለሰፊዋ ላይሆን ይችላል፤ «ያቺ የላክሽብኝ ሴትዮ» ብለው ለአስተዳዳሪዋ ነው የሚደውሉት። አስተዳዳሪዋ የምታበድረው ስሟን ስለሆነ ብድሩ እንዴት እንደሚመለስ ሳታውቅ ዝም ብትል አይፈረድባትም።

ድካሙ ግን ያዋጣል። ፊሊፕ ሽሚት፣ በርንድ ስኪራና ክሪስቶፍ ቫን ደን ቡልተ የተባሉ ተመራማሪዎች በአንድ የጀርመን ባንክ ወደ 10,000 የሚጠጉ ደንበኞችን ለሦስት ዓመት ያህል ተከታትለው ውጤቱን በ2011 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። በነባር ደንበኛ ጥቆማ የመጡት ባንኩን ጥሎ የመሄድ ዕድላቸው ከሌሎቹ በ18 በመቶ ገደማ ያነሰ ነበር፤ ለባንኩ ያላቸው ጠቅላላ ጥቅምም በ16 በመቶ ገደማ ይበልጥ ነበር። ምክንያቱን መገመት አይከብድም፤ ባንኩን የሚያውቅ ሰው ባንኩ የሚስማማውን ወዳጁን መርጦ ነው የላከው።

ወደ ሰፊዋ እንመለስ። የመጀመሪያው ጥያቄ ጊዜው ነው። ብዙዎች ልብሱን ባስረከቡበት ቀን፣ ደስታው ገና ትኩስ ሳለ ይጠይቃሉ። ለኬክ ይሠራል፤ ለጋውን አይሠራም። ጋውን በበረኪና ይታጠባል፣ ይተኮሳል፣ ኪሱ እስክሪብቶና መቀስ ይሸከማል። አስተዳዳሪዋ ስለ ልብሱ በሙሉ ልብ መናገር የምትችለው ከአንድ ወር በኋላ ነው። ሒሳብ ያልተዘጋ ከሆነም መታገስ ይሻላል፤ ገንዘብ ያለበትን ሰው ውለታ መጠየቅ ዕዳውን ማስታወሻ ይመስላል። ሰፊዋ ስድስት ሳምንት ጠበቀች። በአምስተኛው ሳምንት አስተዳዳሪዋ ለአዳዲስ ሠራተኞች ስምንት ተጨማሪ ጋውን አዘዘች፤ በትእዛዙ ላይም «የበፊቶቹ በበረኪና ታጥበውም አልቀየሩም» ብላ ጻፈች። ደንበኛ መደሰቱ የሚታወቀው እንዲህ ነው፤ ተጠይቆ «ጥሩ ነው» ሲል ሳይሆን ሳይጠየቅ ደግሞ ሲያዝ፣ ከሥራውም አንዱን ነገር ለይቶ ሲያነሳ።

ቀጥሎ ስልክ። ጉዳዩ ኢሜይል ሆኖ ሳለ ስልክ መምከር ያስገርም ይሆናል። መህዲ ሮግሃኒዛድና ቫኔሳ ቦንስ በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት 45 ሰዎች እያንዳንዳቸው አሥር የማያውቋቸውን ሰዎች አጭር መጠይቅ እንዲሞሉላቸው ጠየቁ፤ ግማሾቹ በአካል፣ ግማሾቹ በኢሜይል፣ በተመሳሳይ ቃል። የአካሉ ጥያቄ ከኢሜይሉ 34 እጥፍ ውጤታማ ሆነ። እርግጥ እነዚያ ጭራሽ የማይተዋወቁ ሰዎች ነበሩ፤ የረካ ደንበኛ እንደዚያ አይደለም፤ ቁጥሩም እንዳለ አይገለበጥም። ቢሆንም የሁለት ደቂቃ ስልክ «አንድ ነገር ላስቸግርሽ አስቤ ኢሜይል ልልክልሽ ነው» ብሎ መንገድ ይጠርጋል። ኢሜይሉ የሚያስፈልገው ደግሞ ስልክ የማይችለውን ነገር ስለሚችል ነው፤ ለሌላ ሰው ሊተላለፍ ይችላል።

ምስጢሩ እዚህ ላይ ነው፤ አብዛኛው ጸሐፊም የሚስተው ይህንኑ ነው። ኢሜይሉ የሚጻፈው ለአስተዳዳሪዋ ቢሆንም የመጨረሻ አንባቢው ዶክተሩ ናቸው። ስለዚህ ሰፊዋ ሁለት ኢሜይል ጻፈች። አንደኛው ለአስተዳዳሪዋ ብቻ ነው፤

«ጤና ይስጥልኝ ወይዘሮ እገሊት፣

ትናንት በስልክ እንዳነሳሁልሽ፣ የሆስፒታሉን ሥራ አስኪያጅ ዶክተር እከሌን እንደምታውቂያቸው አጫውተሽኝ ነበር። የሠራተኞቻቸውን ጋውን የመስፋት ዕድል እንዳለ ለመጠየቅ እፈልጋለሁ። ለእሳቸው ሊተላለፍ የሚችል አጭር ጽሑፍ በሌላ ኢሜይል ልኬልሻለሁ፤ ከላይ አንድ መስመር ጨምረሽ ማሳለፍ ብቻ ነው። እንዲያገኙኝ ፈቃደኛ ከሆኑ በኋላ አድራሻቸውን ብትሰጪኝ ይበቃኛል።

ከእሳቸው ጋር ያላችሁ ቅርበት ለዚህ የማይመች ከሆነ፣ ወይም ጊዜው ካልሆነ፣ ምንም ቅር አይለኝም፤ ‹አይሆንም› ብትይኝ ይበቃል። የስምንቱ ጋውን ትእዛዝ ማክሰኞ ይደርሳል።»

ሁለተኛው ለብቻው ቆሞ የሚሄድ ነው፤

«ወይዘሮ እገሊት፣

ከዶክተር እከሌ ጋር ለማስተዋወቅ ስላሰብሽልኝ አመሰግናለሁ። ለክሊኒካችሁ የሰፋኋቸው 124 ጋውኖች ጥጥና ፖሊስተር ከተቀላቀለበት ጨርቅ ናቸው፤ የእያንዳንዱ ሠራተኛ ልክ በቦታው ተወስዶ በ19 ቀን ተረክባችኋል፤ ከ124ቱ ሦስቱ ኪሳቸው ተተርትሮ በሁለት ቀን ጠግኜ መልሻለሁ።

ዶክተር እከሌ ፈቃዳቸው ከሆነ ሁለት ናሙና ይዤ አሥር ደቂቃ ባገኛቸው ደስ ይለኛል። አንዱን በራሳቸው የልብስ ማጠቢያ ክፍል አሳጥበው ሊያዩት ይችላሉ።»

ከሥር ስሟ፣ የስፌት ቤቷ ስምና ስልኳ አለ። ሌላ ነገር የለም።

ሁለት መሆናቸው ለምን ጠቀመ? ኢሜይል ሲተላለፍ ከሥሩ የተያያዘው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ሰፊዋ በቀድሞው የትእዛዝ ኢሜይል ላይ መልስ አድርጋ ጽፋ ቢሆን ኖሮ ለክሊኒኩ ያደረገችው የዋጋ ቅናሽ፣ ክርክሩ፣ የተተረተረው ኪስ ላይ የተለዋወጡት ቅሬታ ጭምር ዶክተሩ ፊት ይዘረገፍ ነበር። ይህ በየቢሮው የሚደርስ ጉድ ነው፤ አንድ ሰው Forward የሚለውን ሲጫን ከሥር ምን እንዳለ ወርዶ አያይም። «ካልተመቸሽ ተይው» የሚለውም ዶክተሩ ሊያነቡት አይገባም። ስለዚህ አዲስ ኢሜይል፣ አዲስ ርእስ፣ ዋጋ የሌለበት።

ርእሱም ታስቦበታል። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የለመደ እጅ «ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ» ብሎ ይጀምራል። የሚተላለፈው ኢሜይል ርእስ ግን ዶክተሩ መጀመሪያ የሚያዩት ነገር ነው። ሰፊዋ «የሆስፒታል ጋውን ስፌት፣ በወይዘሮ እገሊት በኩል» አለችው። ዶክተሩ ኢሜይሉን የሚከፍቱት ለጋውኑ ብለው ሳይሆን ለሚያውቁት ስም ብለው ነው፤ ስሙ ከፊት መታየት አለበት።

በጽሑፉ ውስጥ አንድ ድፍረት አለ፤ የተተረተሩት ሦስት ኪሶች። ብዙ ሰው ይደብቃቸው ነበር። ግን አስተዳዳሪዋ ታውቃቸዋለች። ጽሑፉ ጥፋት የሌለበት ቢመስል ኖሮ በስሟ የምታስተላልፈው የተጋነነ ነገር ይሆንባት ነበር። አሁን ግን የሰፈረው እያንዳንዱ ቃል እሷ ራሷ ያየችው ስለሆነ ያለ ፍርሃት ታሳልፈዋለች። በዚሁ ምክንያት ሰፊዋ በአስተዳዳሪዋ አፍ አልተናገረችም። «ይህች ሴት በጣም ጎበዝ ናት» የሚል ጽሑፍ አዘጋጅቶ ደንበኛን «ይህን በስምሽ ላኪልኝ» ማለት ያስነውራል፤ ይነቃልማል። ምስጋናውን አስተዳዳሪዋ በራሷ አንድ መስመር ትጨምረው፤ ከስድስቱ መስመር የምትበልጠው እሷ ናት።

ቋንቋውስ? አዲስ አበባ ውስጥ በአማርኛ ሲጨዋወቱ ውለው ኢሜይሉን በእንግሊዝኛ የሚጻጻፉ ብዙ ናቸው። ይህ ለጨረታ ሰነድ ይሁን። ውለታ ግን በሚነጋገሩበት ቋንቋ ቢጠየቅ ይሻላል፤ በእንግሊዝኛው ውስጥ «አንቺ» እና «እርስዎ» የሉም፤ ሁለቱ ሴቶች ለስድስት ሳምንት ያካበቱት ቅርበትም አብሮ ይጠፋል።

ከዚያ ፈቃድ ነው። አሜሪካዊው ባለሀብት ፍሬድ ዊልሰን በ2009 እ.ኤ.አ. ስለ መተዋወቅ ሲጽፍ ሁለቱም ወገኖች አስቀድመው «እሺ» ካላሉ ማንም ማንንም አያገናኝ አለ። ለእኛ ባዳ የሆነ ሐሳብ አይደለም፤ ሽማግሌ የሚላከውም ጭምጭምታ ከተሰማ በኋላ ነው። ነገሩ ግን በኢሜይል ላይ ይዘነጋል። ቸር የሆነ ደንበኛ ሁለቱንም አድራሻ Cc ላይ ደርድሮ «ተዋወቁ» ብሎ ይልካል። ዶክተሩ አሁን ተይዘዋል፤ ቢመልሱ ያልፈለጉት ስብሰባ ነው፣ ዝም ቢሉ ሁለት ሰው ፊት ዝም ማለት ነው። ሰፊዋ «ፈቃደኛ ከሆኑ በኋላ» ያለችው ለዚህ ነው። እንዲህ ሲሆን ዶክተሩ «አልፈልግም» የሚሉት ለወዳጃቸው ብቻ ነው፤ ሰፊዋ ፊቷን ሳታስከፋ፣ አስተዳዳሪዋም ሳታፍር ነገሩ ያልፋል።

ፈቃዱ ከተገኘ የሚቀረው ፍጥነት ነው። የማገናኛው ኢሜይል በደረሰ ቀን መመለስ ያለባት ሰፊዋ ናት። በመጀመሪያው መስመር አስተዳዳሪዋን አመስግና ወደ Bcc ታዛውራታለች፤ በእኛ የደብዳቤ ቋንቋ ስውር ግልባጭ እንደማለት ነው። አስተዳዳሪዋ መልሱ መሰጠቱን ታያለች፤ ከዚያ በኋላ «ሐሙስ ይመችዎታል ወይስ ዓርብ» የሚለው ምልልስ ግን የእሷን ሳጥን አይሞላም። በሦስተኛው ቀን የሚመልስ ጠያቂ ያስተዋወቀውን ሰው ያዋርዳል።

ዝም ቢሉስ? ከስምንት እስከ አሥር ቀን ጠብቆ አንድ ጊዜ ማስታወስ ያስኬዳል፤ ያውም በሌላ ጉዳይ መሐል፣ ስምንቱ ጋውን ሲደርስ። ሁለተኛ ጊዜ ማስታወስ ግን ደንበኛዋን ማሳደድ ነው። አንዳንዴ ዝምታው ራሱ መልስ ነው፤ አስተዳዳሪዋና ዶክተሩ ሰፊዋ የገመተችውን ያህል ላይቀራረቡ ይችላሉ። የሰው ትውውቅ ከውጭ ሲታይ ሁልጊዜ ከእውነቱ ጠበቅ ያለ ይመስላል።

አንድ ወጥመድ አለ፤ ኮሚሽን። የጀርመኑ ባንክ አዲስ ደንበኛ ላመጣ ነባር ደንበኛ 25 ዩሮ ይከፍል ነበር፤ ደንበኛው ግን የራሱን ገንዘብ ያስቀመጠ ግለሰብ ነው። የክሊኒኩ አስተዳዳሪ ተቀጣሪ ናት። «ሥራው ከተገኘ አሥር ፐርሰንት አለሽ» የሚል መስመር ኢሜይሉ ውስጥ ቢገባ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ምስጋናዋ የተገዛ ይሆናል፤ ዶክተሩ አንድ ቀን ቢሰሙ ሦስቱም ይጎዳሉ። ሆስፒታሉ የመንግሥት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ከዚህም ይለይ ነበር፤ ግዢው በጨረታ ስለሚሄድ በሰው በኩል የሚገኘው ነገር ቢበዛ ጨረታው መቼ እንደሚወጣ ማወቅ ነው።

በምሳሌያችን አስተዳዳሪዋ የሚተላለፈውን ኢሜይል በማግሥቱ አሳለፈችው። ከላይ የጨመረችው «ዶክተር፣ የእኛን የሰፋችው ናት፣ በበረኪናም አልለቀቀም» የሚል ነው። ዶክተሩ በሳምንቱ አሥር ደቂቃ ሰጡ፤ ናሙናውን ተቀብለው ለልብስ ማጠቢያው ኃላፊ ላኩት። ከነባሩ ሰፊ ጋር ያላቸው ውል እስከ ሰኔ 30 እንደሆነም ነገሯት፤ ሐምሌ ላይ እንድትደውል።

ሰፊዋ በዚያው ቀን ማታ ለአስተዳዳሪዋ ሁለት መስመር ጻፈች፤ «ዛሬ አገኘኋቸው፣ በትሕትና ተቀበሉኝ። ውላቸው ሰኔ ላይ ያልቃል፣ ሐምሌ 1 እደውላለሁ፤ ያኔም አሳውቅሻለሁ።» ከዚያም በግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ ሐምሌ 1ን በጨርቅ መቁረጫ ጠመኔ ከበበችው።